አምሳያ ሴረም ስፈልግ መጀመሪያ ረዳቶቹን አነባለሁ

ውድ የፊት ሴረም አምሮት ዋጋው የመለሰው ሰው ይዋል ይደር እንጂ የሁለት ጠርሙሶችን ጀርባ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበቡ አይቀርም። አንዱ ታዋቂው ነው፤ ሌላው በመልኩም በስሙም የሚቀርበው፣ ዋጋው ግን በብዙ የሚያንሰው አምሳያው። ጠርሙሶቹ አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን ስለማይገኙ የምናነበው ፎቶግራፍ ነው፤ ሻጭ የላከው፣ ሌላ ገዢ ያነሳው ወይም አንድ ወዳጅ ከመደርደሪያ ፊት ቆሞ ያነሳልን። በእኛ ቤተሰብ የጠርሙስ ጀርባ ፎቶግራፍ የሚላከው ለእኔ ነው። ታናሽ እህቴ ምስሉን ትልክና «እትዬ፣ ይኼኛው ያንኑ አይደለም እንዴ?» ትለኛለች። መልሱ አልፎ አልፎ «ነው» ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው» ነው።

ብዙ ሰው የሚያወዳድርበት መንገድ ስሞችን መቁጠር ነው። ሁለቱም ዝርዝር ላይ ቫይታሚን ሲ አለ፣ ፌሩሊክ አሲድ አለ፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ አለ፤ እንግዲያው አንድ ናቸው ይባላል። ይህ ቆጠራ ከሁሉም ደካማው ማስረጃ ይመስለኛል። ዝርዝር ውስጥ ለመግባት አንድ ንጥረ ነገር ትንሽ መገኘት ይበቃዋል። ስማቸው በጠርሙሱ ፊት በትልቁ የሚጻፈው ዝነኞች በአንዲት ጠብታም ሊወከሉ ይችላሉ። በጠብታ ሊወከሉ የማይችሉት ግን ማንም የማይጠራቸው ረዳቶች ናቸው፤ ማለትም የሚያሟሙት፣ ዘይትን ከውኃ የሚያስታርቁት፣ አሲድነትን የሚያስተካክሉትና ከብልሽት የሚጠብቁት። ድግስ ላይ ስንት ሰው እንደሚጠበቅ የሚታወቀው ከተደረደረው ወንበር ነው፤ እኔም የዝነኞቹን መጠን የምገምተው ረዳቶቹን አይቼ ነው።

ይህን በአንድ ምርት ላይ ላሳይ። የመረጥኩት ስኪንሲውቲካልስ የተባለው ድርጅት የሚያመርተውን «ሲ ኢ ፌሩሊክ» ሴረም ነው። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ አምሳያ ከበዛባቸው ሴረሞች አንዱ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ የዋና ዋናዎቹ መጠን በይፋ የሚታወቅ ነው፤ 15 በመቶ ንጹሕ ቫይታሚን ሲ፣ 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ እና 0.5 በመቶ ፌሩሊክ አሲድ። ይህ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2005 በቆዳ ምርምር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ተፈትሿል። ቫይታሚን ሲ እና ኢ ብቻቸውን ቆዳን ከፀሐይ ጨረር ጉዳት የሚከላከሉበት አቅም አራት እጥፍ ገደማ የነበረ ሲሆን፣ ፌሩሊክ አሲድ ሲጨመር ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ አደገ፤ ድብልቁም በቀላሉ የማይበላሽ ሆነ። ስለዚህ አምሳያውን የምንመዝንበት ሚዛን በእጃችን አለ። የአብዛኞቹ ምርቶች መጠን በምስጢር ስለሚያዝ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የታዋቂው ዝርዝር በካርቶኑ ላይ ሲነበብ ይህን ይመስላል።

```
Aqua, Ethoxydiglycol, Ascorbic Acid, Glycerin,
Propylene Glycol, Laureth-23, Phenoxyethanol,
Tocopherol, Triethanolamine, Ferulic Acid,
Panthenol, Sodium Hyaluronate
```

አሥራ ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው። አጭር ዝርዝር ለማወዳደር ይመቻል፤ እያንዳንዱ ስም ለምን እንደገባ መጠየቅም ይቻላል።

ወደ ትርጉሙ ከመግባቴ በፊት ስለ ፎቶግራፉ ራሱ ልናገር፤ ንባቡ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነውና። ጠርሙስ ክብ ነው። ከፊት ለፊት የተነሳ ምስል የእያንዳንዱን መስመር መጀመሪያና መጨረሻ ይውጠዋል፤ የሚጠፉት ፊደላት ደግሞ ጥቂት ቢሆኑም ወሳኝ ናቸው። እህቴ ከላከችልኝ ምስሎች በአንዱ ላይ የመብራት ነጸብራቅ መስመሩን አቋርጦ Tocopher የሚለውን ብቻ አስቀርቶ ነበር። ቀጥሎ ያሉት ፊደላት ol ከሆኑ ንጹሕ ቫይታሚን ኢ ነው፤ በታዋቂው ሴረም ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። yl Acetate ከሆኑ ደግሞ ከአሴቲክ አሲድ ጋር ተጣብቆ የረጋ ሌላ ዓይነቱ ነው። ይህኛው በቀላሉ አይበላሽም፤ ነገር ግን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ካልተፈታ በስተቀር እንደ ንጹሑ አይሠራም፤ ጠርሙሱ ውስጥም ለቫይታሚን ሲ አጋር አይሆነውም። ጥቂት ፊደላት ያልታዩበት ምስል ላይ ተመሥርቶ «አንድ ናቸው» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጠርሙሱን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ በጎን ብርሃን የተነሱ ተከታታይ ምስሎችን እጠይቃለሁ፤ ካርቶኑ ካለ ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ እሱ ይሻላል።

ፊደላትን ከምስል ለይቶ የሚያወጣ የስልክ መተግበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የወጣውን ጽሑፍ ከምስሉ ጋር ቃል በቃል አመሳክሩት። መተግበሪያው ነጠላ ሰረዝ ሲጥል ሁለት ንጥረ ነገሮች አንድ ይሆናሉ፤ በመስመር መጨረሻ ላይ የተቆረጠን ስም ደግሞ ለሁለት ይከፍለዋል። Laureth-23 የሚለው በጠርዙ ላይ ተቆርጦ Laureth-2 ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ እነዚህ ግን ባሕርያቸው የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው ውኃ ይወዳል፣ ሁለተኛው ወደ ዘይት ያደላል። ሌላው መመልከት ያለብን ዝርዝሩ በእርግጥ ማለቁን ነው። የመጨረሻው ስም ቀጥሎ ባዶ ቦታ፣ ነጥብ ወይም መለያ ቁጥር መታየት አለበት። አስመጪ የለጠፈው ወረቀት የዝርዝሩን ጭራ ሸፍኖት ከሆነ ያየነው ግማሹን ነው።

የሁለቱም ምስሎች ዘመን መቀራረብ አለበት። አምራቾች ስሙንና ጠርሙሱን ሳይቀይሩ ቅመማውን ይለውጣሉ፤ ለአንድ አገር ገበያ የሚሸጠውም ለሌላው ከሚሸጠው ሊለይ ይችላል። የስኪንሲውቲካልስ ባለቤት የሆነው ሎሬያል በብዙ ምርቶቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ F.I.L. በሚሉ ፊደላት የሚጀምር መለያ ያትማል። የአንድ ምርት ሁለት ፎቶግራፎች ላይ ይህ መለያ ከተለያየ፣ ሁለት የተለያዩ የዝርዝር ቅጂዎችን እያየን ነው ማለት ነው፤ የትኛውን ከአምሳያው ጋር እንደምናወዳድርም መወሰን ይኖርብናል። እኔ ሁልጊዜ አዲሱን እወስዳለሁ፤ የሚሸጠው እሱ ነዋ።

አሁን ወደ ንባቡ። በአውሮፓ ኅብረት የመዋቢያ ደንብ፣ ማለትም በቁጥር 1223/2009፣ ንጥረ ነገሮች የሚደረደሩት በክብደት ከብዙ ወደ ትንሽ ነው፤ በሌሎች ብዙ አገሮችም ሕጉ ተመሳሳይ ነው። ይሁን እንጂ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ከትልልቆቹ በኋላ በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዝርዝሩ ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው ክፍል ቅደም ተከተሉ የሚናገርበት ነው፤ የታችኛው ክፍል ቅደም ተከተሉ ምንም የማይናገርበት። ድንበሩ የት እንደሆነ ግን አይጻፍም፤ አንባቢው ራሱ መፈለግ አለበት።

ድንበሩን ለመፈለግ የሚረዳው ዋናው ምልክት ፌኖክሲኢታኖል የሚባለው ከብልሽት ጠባቂ ነው። በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ በላይ መግባት አይፈቀድለትም። እንግዲህ ይህ ስም ከታየበት ጀምሮ ወደ ታች ያለው ሁሉ 1 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በታዋቂው ሴረም ዝርዝር ላይ ፌኖክሲኢታኖል ሰባተኛ ነው፤ ቶኮፌሮል፣ ማለትም ቫይታሚን ኢ፣ ቀጥሎ ይመጣል። መጠኑ 1 በመቶ እንደሆነ ስለምናውቅ ቦታው በትክክል ድንበሩ ላይ ነው። 0.5 በመቶው ፌሩሊክ አሲድ ከዚያ በታች አሥረኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ ዘጠነኛም አሥራ ሁለተኛም ቢሆን ኖሮ ሕጉ አይከለክልም ነበር።

ከዚህ የምትወጣዋ ፍሬ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ ክርክር የሚዘጋው ግን በእሷ ነው። «ይህ አምሳያ ፌሩሊክ አሲዱ ከታዋቂው ይልቅ ወደ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ ይበረታል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የተጻፈው ከፌኖክሲኢታኖል በታች መሆኑን ተመልከቱ። ከሆነ ያ ከፍታ ምንም አይናገርም። በተቃራኒውም «ቫይታሚን ኢው ወደ ታች ወርዷል፤ እንግዲህ ለስም ነው የገባው» ማለት አይቻልም፤ የታዋቂውም እዚያው ታች ነው።

አሁን ደግሞ ከድንበሩ በላይ ያለውን እንየው። አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ንጹሑ ቫይታሚን ሲ፣ ሦስተኛ ነው፤ መጠኑም 15 በመቶ ነው። ከእሱ በላይ የተጻፈው ኢቶክሲዳይግላይኮል ስለዚህ ቢያንስ 15 በመቶ መሆን አለበት። አንድ ስሙ የማይጠራ ረዳት ከዋናው ንጥረ ነገር ያላነሰ ቦታ ይዟል ማለት ነው። ምን ይሠራል? ፌሩሊክ አሲድ በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ብቻውን ውኃ ላይ ቢጣል ከታች ይዘቅጣል። ኢቶክሲዳይግላይኮልና ፕሮፓይሊን ግላይኮል ግን ያሟሙታል፤ ከውኃም ጋር ይዋሃዳሉ። ቫይታሚን ኢ ደግሞ ዘይት ነው። 1 በመቶ ዘይት ከውኃ ጋር ተስማምቶ እንዲቆይ የሚያስታርቅ ያስፈልገዋል፤ ያ ደግሞ ላውሬት-23 ነው። ከፌኖክሲኢታኖል በላይ መጻፉም ከቫይታሚን ኢው ያላነሰ መጠን እንዳለው ያመለክታል፤ ዘይትን በውኃ ውስጥ ጥርት አድርጎ ለመያዝ አስታራቂው ከዘይቱ መብዛት አለበትና። ትራይኢታኖላሚን የተጨመረው አሲድነቱን ለማለዘብ ነው፤ 15 በመቶ አስኮርቢክ አሲድ ብቻውን በጣም ይጎመዝዛል።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዤ ነው አምሳያዎችን የማነበው። ፌሩሊክ አሲዱን ማን ያሟማዋል? ቫይታሚን ኢውን ማን ያስታርቀዋል? አሲድነቱን ማን ያስተካክለዋል? መልስ የሌለው ጥያቄ ካለ፣ ዝነኛው ንጥረ ነገር የገባው ስሙን ለማስጻፍ ብቻ ነው የሚል ጥርጣሬ ይገባኛል።

እህቴ የላከቻቸው እጩዎች ሁለት ነበሩ። የአምራቾቹን ስም አልጠራም፤ ሁለቱም ጥቁር ጠርሙስና ጠብታ መቁጠሪያ አላቸው፤ ሁለቱም ፊታቸው ላይ «ቫይታሚን ሲ፣ ኢ እና ፌሩሊክ» የሚል ጽሑፍ አትመዋል። የመጀመሪያው ዝርዝር ይህ ነው።

```
Aqua, Glycerin, Propanediol,
Sodium Ascorbyl Phosphate, Phenoxyethanol,
Xanthan Gum, Tocopheryl Acetate, Ferulic Acid,
Sodium Hyaluronate, Citrus Sinensis Peel Oil,
Ethylhexylglycerin, Ascorbic Acid, Limonene
```

ስም ከቆጠርን ከታዋቂው አሥራ ሁለት ስሞች ስድስቱ እዚህ አሉ፤ አስኮርቢክ አሲድም ፌሩሊክ አሲድም ሃያሉሮኔትም። ለቸኮለ ሰው ይህ ግማሽ መንገድ ይመስላል። ድንበሩን እንፈልግ። ፌኖክሲኢታኖል አምስተኛ ነው። አስኮርቢክ አሲድ ከእሱ በታች፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው። እንግዲህ ንጹሑ ቫይታሚን ሲ ቢበዛ 1 በመቶ ነው፤ ታዋቂው ላይ 15 ነበር። እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው ከድንበሩ በላይ የተቀመጠው ሶዲየም አስኮርቢል ፎስፌት ነው። እሱም የቫይታሚን ሲ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የሚረጋው ወደ ገለልተኛ በሚጠጋ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነት በሚጨምርበት የፒኤች መለኪያ 7 አካባቢ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ንጹሑ አስኮርቢክ አሲድ ደግሞ ወደ ቆዳ የሚዘልቀው ፒኤች ከ3.5 በታች ሲሆን ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ እኩል ሊመቻቸው አይችልም፤ አንዱን ያስቀደመ ሌላውን ለስም አስቀርቷል።

ረዳቶቹንም ብንጠይቅ መልሱ ያው ነው። ቫይታሚን ኢው የተጣበቀው ዓይነት ነው፤ ከእሱ ጋር የብርቱካን ልጣጭ ዘይትም ገብቷል፤ ሁለቱም ዘይት ናቸው። እነሱን በብዛት የሚያስታርቅ ግን ዝርዝሩ ላይ አላየሁም። ዛንታን ጉም ፈሳሹን ወፈር አድርጎ ጥቂት ዘይትን ሊያንጠለጥል ይችላል፤ 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ጥርት ባለ ሴረም ውስጥ ለመያዝ ግን ብቻውን አይበቃም። ኢቶክሲዳይግላይኮል የለም፤ ፕሮፔንዲኦል ፌሩሊክ አሲድን በተወሰነ ደረጃ ሊያሟማ ስለሚችል ይህን ጥያቄ በጥርጣሬ ብቻ አልፈዋለሁ። ሊሞኔን የተጻፈው ከልጣጩ ዘይት የሚመጣ የሽታ ንጥረ ነገር ስለሆነ ነው፤ ታጥቦ በማይለቀቅ መዋቢያ ውስጥ ከ0.001 በመቶ ካለፈ በአውሮፓ ሕግ መጻፍ አለበት። መጠኑ ኢምንት ቢሆንም ቆዳዋ ሽታ ለማይወድላት ሰው ከሁሉም በላይ ማየት የሚገባት እሱን ነው።

ይህ ሴረም መጥፎ ነው አልልም። አስኮርቢክ አሲድ ለሚለበልባት ሰው እንዲያውም የሚመረጥ ሊሆን ይችላል። የተጠየቅኩት ግን «ያንኑ ነው ወይ?» ተብዬ ነው። ያንኑ አይደለም። የታዋቂውን ስም የለበሰ ሌላ ምርት ነው።

ሁለተኛው እጩ ይኸውላችሁ።

```
Aqua, Ascorbic Acid, Ethoxydiglycol,
Propylene Glycol, Glycerin, Polysorbate 80,
Tocopherol, Phenoxyethanol, Panthenol,
Ferulic Acid, Sodium Hyaluronate,
Sodium Hydroxide
```

ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ ተገኝተዋል፤ እኔን ያስደሰተኝ ግን ያልተገኙት ሁለቱ ናቸው። ላውሬት-23 የለም፤ በቦታው ፖሊሶርቤት 80 አለ። እሱም አስታራቂ ነው፤ ከፌኖክሲኢታኖልና ከቫይታሚን ኢው በላይ ተጽፏል። ትራይኢታኖላሚንም የለም፤ በቦታው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ ሥራው ያው አሲድነትን ማለዘብ ነው። ይህ አምራች ስሞችን አልገለበጠም፤ ሥራዎቹን ተረድቶ በራሱ መሣሪያ ሠርቷቸዋል። ቅመማውን የሠራው ሰው 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ እውነት ሊይዝ ባያስብ ኖሮ አስታራቂውን ያን ያህል ከፍ አያደርገውም ነበር።

ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ታዋቂው ላይ ሦስተኛ የነበረው አስኮርቢክ አሲድ እዚህ ሁለተኛ ነው። እህቴ «እንግዲያው ይኼኛው ይበልጣል» ብላ ነበር። የግድ አይደለም። ሁለተኛ መሆኑ የሚነግረን ከኢቶክሲዳይግላይኮሉ አለማነሱን ብቻ ነው። አሟሚው 10 በመቶ፣ አስኮርቢክ አሲዱ 12 በመቶ ቢሆንም ዝርዝሩ በዚሁ ይጻፋል፤ አሟሚው 15፣ አሲዱ 20 ቢሆንም እንዲሁ። ቁጥሩን ለማወቅ ወደ ካርቶኑ ፊት መመለስ አለብን፤ እዚያ «15 በመቶ አስኮርቢክ አሲድ» የሚል ይፋዊ ቃል ነበር። እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ይመርመር። «20 በመቶ የቫይታሚን ሲ ውሕድ» የሚል ጽሑፍ የንጹሑን መጠን አይናገርም፤ ውኃውና አሟሚውም ከ20ው ውስጥ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የንጥረ ነገሩ ትክክለኛ ስም ከቁጥሩ ጋር አብሮ ካልተጻፈ ቁጥሩን እንዳልነበረ አድርጌ አልፈዋለሁ።

ቁጥር ሲበልጥ ደግሞ ሁልጊዜ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የመምጠጥ ጥናት ላይ ቆዳ የሚወስደው አስኮርቢክ አሲድ ከፍተኛ የሆነው በ20 በመቶ ነበር፤ ከዚያ በላይ መጨመር ለቆዳው የጠቀመው ነገር አልነበረም። ፒኤች ከ3.5 በታች መሆን እንዳለበት ያሳየውም ይኸው ጥናት ነው። ስለዚህ 25 ወይም 30 በመቶ ብሎ የሚፎክር አምሳያ ሲመጣብኝ የሚታየኝ የሚለበልብ ፊት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ፎቶግራፍ ላይ የሚነበብ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ቁም ነገር ግን አይነበብም፤ እሱም ፒኤች ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መጻፉ አሲድነቱ መስተካከሉን እንጂ የት ላይ መቆሙን አይናገርም። አስኮርቢክ አሲድ ፒኤች 4.2 አካባቢ ሲደርስ ግማሹ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ሙል የያዘው ክፍል የቆዳን የላይኛውን ድርብርብ አልፎ ለመግባት ይቸገራል። ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሙል የሌለው ድርሻ ይበዛል። አሥራ ሁለቱም ስሞች ቃል በቃል የተመሳሰሉበት አምሳያ ፒኤቹ 5 ከሆነ፣ ከላይ የጠቀስኩትን ሥራ አይሠራም፤ ዝርዝሩ ግን ይህን በፍጹም አያሳብቅበትም። አንዳንድ አምራቾች ሲጠየቁ ይናገራሉ። የማይናገሩ ከሆነ ትንሹን መጠን ገዝቶ በፒኤች መለኪያ ወረቀት መፈተሽ ነው። ከ0 እስከ 14 የሚለካው ሰፊው ወረቀት 3ን ከ3.5 ለመለየት አይረዳም፤ ከ2.5 እስከ 4.5 ያለውን በግማሽ በግማሽ የሚለየው ዓይነት ያስፈልጋል። ውኃ መሰል ለሆነ ሴረም ወረቀቱ ደህና ይሠራል፤ ለክሬምና ለዘይት ግን ንባቡ አይታመንም። የሁለተኛው እጩ ጠብታ ወረቀቱ ላይ በ3 እና በ3.5 መካከል ያለውን ቀለም ሰጠ። ለእኔ የበቃኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው የማይነበብ ነገር ትኩስነት ነው፤ እሱ እንኳ ከፎቶግራፍ በመጠኑ ይታያል። አስኮርቢክ አሲድ ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ይበላሻል፤ ሴረሙም ከነጣ ቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ታዋቂው ራሱ ገና ሲከፈት ፈዛዛ ገለባማ ቀለም ስላለው ትንሽ ቢጫነት አያስደነግጥም። በገዢዎች የተነሱ ምስሎች ላይ በጠብታ መቁጠሪያው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ አያለሁ፤ ብርጭቆው ጥቁር ስለሆነ ጠርሙሱ ራሱ አይናገርም። ሰሞኑን በተከፈቱ ጠርሙሶች ላይ በተደጋጋሚ ብርቱካናማ ሆኖ ከታየ፣ ዝርዝሩ ምንም ቢያምር አልገዛም። የተለያየ መብራት ቀለምን እንደሚያታልል አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ፈሳሹን ከነጭ ወረቀት ወይም ከነጭ ጥጥ አጠገብ የተነሳበትን ምስል የምመርጠው። ነጩ ራሱ ቢጫ መስሎ ከታየ ጥፋቱ የመብራቱ ነው።

ውሳኔያችን ሁለተኛው ሆነ። እህቴ በክንዷ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀናት ሞክራው ነው ወደ ፊቷ የወሰደችው፤ ፖሊሶርቤት 80 ከላውሬት-23 የተለየ ስለሆነ ታዋቂውን የታገሠ ቆዳ አምሳያውንም ይታገሣል የሚል ዋስትና የለም።

ይህ አሠራር በሁሉም ቦታ እንደማይሠራ ግን መናገር አለብኝ። በአሜሪካ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንደ መድኃኒት ስለሚቆጠር ጨረር የሚከላከሉት ንጥረ ነገሮች ለብቻቸው ከነመጠናቸው ይጻፋሉ፤ የቀሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ይደረደራሉ። የፊደል ተራ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው በA የሚጀምረውን ሁሉ ብዙ ነው ብሎ ያምናል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ስሞች ቀዳሚ ፊደል ማየት ነገሩን ወዲያው ይገልጠዋል። የከንፈር ቀለምና የፊት ማቅለሚያ ላይም ቀለም ሰጪዎቹ CI በሚል ቁጥር ዝርዝሩ ጭራ ላይ በፈለጉት ተራ ይጻፋሉ፤ ለሁሉም የቀለም ዓይነቶች አንድ ዝርዝር የሚታተምበትም ጊዜ አለ። እዚያ ሁለት ዝርዝር ማወዳደር ስለ ቀለሙ ምንም አይነግረኝም፤ በእጅ ጀርባ ላይ ጎን ለጎን የተቀቡበትን ምስል እጠይቃለሁ።